«አጥብቤዋለሁ፤ ይሠራል ወይ?»፦ ለአማካሪ የሚጻፍ ኢሜይል

ዛሬ የምናነሳው በተለይ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በፕሮፖዛል ሰሞን የሚጽፉትን አንድ ኢሜይል ነው። ተማሪው ሰፋ ያለ ርዕስ ይዞ ይጀምራል፤ አማካሪው «ሰፍቷል፣ አጥብበው» ይለዋል፤ ተማሪው አጥብቦ ይጽፋል፦ «እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል ወይ?» መልሱ ይዘገያል። ሲመጣም አንድ መስመር ነው፤ ወይ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል»፣ ወይ «እንደገና አስብበት»። ተማሪው አማካሪውን ይታዘባል። ቸልተኛ አማካሪ የለም አልልም። ግን ብዙውን ጊዜ አማካሪው የሚፈርድበት ነገር አልቀረበለትም። ጥያቄው ይሠራል አይሠራም ለማለት የሚያስፈልጉት ነገሮች ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ቀርተዋል፤ ወይም ተማሪው ራሱ ገና አልፈለጋቸውም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌያችን ከወላይታ ሶዶ ነው። ተማሪዋንና አማካሪዋን ለዚህ ዝግጅት ያሰብናቸው እኛ ነን፤ ቁጥሮቻቸውም የእኛ ናቸው። የሚያጠኑት ችግር ግን እውነተኛ ነው፦ የእንሰት አጠውልግ በሽታ።

በሽታውን ለማያውቁ አድማጮች ትንሽ ልበል። የእንሰቱ መሀለኛ ቅጠል፣ ገና ተጠቅልሎ የሚወጣው ለጋው፣ ይጠወልግና ይታጠፋል፤ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ግንዱ ወይም የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ከቁርጡ ላይ ክሬም የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ይወጣል። ምክንያቱ ባክቴሪያ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በእንሰት ላይ ለይተው አሳወቁት፤ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ መኖሩን ጻፉ። በ2001 ዩጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ውስጥ ሲገኝ ዓለም በሰፊው ሰማው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲቆርጥ ነው። ስለዚህ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር ቢላዋውን በእሳት ለብልብ ወይም በበረኪና እጠብ፣ የታመመውን ከነሥሩ ነቅለህ ቅበር የሚል ነው።

ተማሪያችን በመጀመሪያ ያቀረበችው ርዕስ «በወላይታ ዞን የእንሰት ምርትን የሚወስኑ ምክንያቶች» የሚል ነበር። አማካሪዋ «አጥብቢው» አሏት። አጥብባ ይህን ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እንደምን ሰነበቱ? በሰጡኝ አስተያየት መሠረት ጥያቄዬን አጥብቤዋለሁ። አዲሱ ጥያቄ ‹በሶዶ ዙሪያ ወረዳ ቢላዋን ማጽዳት የእንሰት አጠውልግ በሽታን ይቀንሳል ወይ?› የሚል ነው። ሊሠራ የሚችል መሆኑን እንዲነግሩኝ በትህትና እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

አክብሮቱ አለ፣ አጭርም ነው። ጥያቄውም በእርግጥ ጠቧል፦ አንድ ወረዳ፣ አንድ በሽታ፣ አንድ ድርጊት። አማካሪዋ ግን ምን ብለው ይመልሱ? ስንት ቤት ልትጠይቅ ነው? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቢላዋ ያጸዳል? «ማጽዳት» ማለትስ በእሳት መለብለብ ነው ወይስ በቅጠል መጥረግ? በሽታ መኖሩን ገበሬው ይነግራታል ወይስ ራሷ ታያለች? ለስንት ቀን ነው የምትወጣው? ይህን ሁሉ ሳያውቁ «ይሠራል» ቢሏት ግምት ነው፤ «አይሠራም» ቢሏትም ግምት ነው። የጠበበ ጥያቄ ሁሉ የሚሠራ አይደለም። እንዲያውም መጥበቡ ራሱ ሌላ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ የሚፈለጉት ሰዎች በጣም ጥቂት ሆነው ይገኛሉ።

አማካሪዋ እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ መለሱላት፦ «መጀመሪያ አንድ ቀበሌ ሂጂና 20 ቤት አነጋግሪ። ከዚያ የምትጠይቂበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ።»

ሄደች። ከሳምንት በኋላ የላከችው ሁለተኛው ኢሜይል ይኸውና፤ ሙሉውን አነብላችኋለሁ። ብዙ ተማሪ እንዲህ ያለውን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይዘቱ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። በርዕስ ቦታው ላይ «የጥያቄ ለውጥ፣ ውሳኔዎን የሚፈልግ፣ እስከ ሐሙስ» ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በጠየቁኝ መሠረት ሶዶ ዙሪያ አንድ ቀበሌ ሄጄ 20 ቤት አነጋገርኩ። ካለፈው ጊፋታ ወዲህ በጓሯቸው አጠውልግ የታየባቸው 6 ናቸው። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሄዱ ቢላዋ በእሳት እንለበልባለን ወይም እናጥባለን ያሉት 3 ብቻ ናቸው።

የማወዳድረው የሚያጸዱና የማያጸዱ ቤቶችን ነው። በማያጸዱት ዘንድ በሽታው ከ100 ቤት በ30ው፣ በሚያጸዱት ዘንድ በ15ቱ ይገኛል ብዬ ገምቼ ሳሰላ ከእያንዳንዱ ወገን 118፣ በድምሩ 236 ቤት ያስፈልገኛል። ሦስት መረጃ ሰብሳቢ ይኖረኛል፤ ጓሮ ማየትን ጨምሮ እያንዳንዳቸው በቀን 8 ቤት ይጨርሳሉ። ስለዚህ 10 ቀን ይበቃኛል።

የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ በወላይትኛ ተርጉሜ የተጠቀምኩበትንም አያይዣለሁ፦ ‹እንሰት ሲቆርጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ቢላዋውን በእሳት ይለበልባሉ ወይም ያጥባሉ?› መልሱ ሁልጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ በጭራሽ የሚል ነው።

የሚያሳስበኝ የሚያጸዱት ጥቂት መሆናቸው ነው። 118 የሚያጸዱ ቤቶች አገኛለሁ ወይ? ካላገኘሁ ሌላ ቀበሌ ልጨምር ወይስ ጥያቄውን ልቀይር? ሁለቱንም ማድረግ እችላለሁ፤ እኔ ግን ቀበሌ መጨመሩን እመርጣለሁ።»

ይህን ኢሜይል ከመጀመሪያው የሚለየው ርዝመቱ አይደለም። ተማሪዋ ደካማውን ቦታ ራሷ አሳይታለች፤ ሁለት አማራጭ አቅርባ ወደ የትኛው እንደምታደላ ተናግራለች። አማካሪ ጣቱን የሚያሳርፍበት ነገር አግኝቷል ማለት ነው። ከሁሉም የበለጠ የጠቀማት ግን ለመጠይቁ ያዘጋጀችውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መለጠፏ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን እናያለን።

ኢሜይሉ ውስጥ ያለችውን «ካለፈው ጊፋታ ወዲህ» የምትለውንም ልብ በሉልኝ። «ባለፉት 12 ወራት» ብሎ መጠየቅ ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ሰው ግን ወር ቆጥሮ አያስታውስም። ጊፋታ፣ መስከረም ላይ የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በእያንዳንዱ ቤት የሚታወስ ቀን ነው። «እንሰቱ የጠወለገው ከጊፋታ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሲባል መልሱ የተሻለ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ አካባቢውን ያውቃል።

አሁን አማካሪዋ ኢሜይሉን ሲያነቡ ያዩትን እንከተል። መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ ቆሙ። 236 የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ ነው፤ ማለትም 118 የሚያጸዱ ሰዎች በቀጥታ የሚገኙበት መንገድ ካለ። እሷ ግን በር ለበር እየሄደች ያገኘችውን ነው የምትጠይቀው፤ ከ20 ቤት 3ቱ ብቻ ናቸው የሚያጸዱት። እንዲህ ያልተመጣጠኑ ወገኖችን ለማወዳደር በጠቅላላው የሚያስፈልገው የቤት ቁጥር ወደ 380 ገደማ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ የሚያጸዱት 57 ያህል ይሆናሉ። ይህም ከ20 ቤት የተገኘውን ግምት አምነን ነው። 20 ቤት ትንሽ ነው፤ እውነተኛው ድርሻ ከ20 አንድም ሊሆን ይችላል፣ ከ20 ሰባትም ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። አጠውልግ ከጎረቤት ጎረቤት ይሄዳል፤ ቢላዋም ይዋዋሳሉ። ስለዚህ አንድ መንደር ውስጥ ያሉ 10 ቤቶች እንደ 10 የተለያዩ ምስክሮች አይቆጠሩም፤ አንዱ የሚነግረን ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። ስሌቱ ይህን ሲያካትት ቁጥሩ በአንድ ተኩል ወይም በሁለት ይባዛል። በሁለት ብናባዛው 760 ቤት ነው። በቀን 24 ቤት ሲሠራ 32 የሥራ ቀን ማለት ነው፤ እሷ ያሰበችው 10 ቀን ነበር። ቀበሌ መጨመር ይህን አይፈታም፤ መንገድና ወጪ ይጨምራል እንጂ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ስፖንሰር ቢገኝ ይታለፋል። የሚቀጥለው ግን በገንዘብ አይታለፍም። አማካሪዋ ጥያቄውን እንደገና አነበቡት፦ «ቢላዋውን በእሳት ይለበልባሉ?» የአሁን ነው የሚጠይቀው። በሽታው የታየው ግን ካለፈው ጊፋታ ወዲህ ነው፤ ምናልባት ከስምንት ወር በፊት። እንግዲህ ገበሬዋ ቢላዋ መለብለብ የጀመረችው በሽታው ከገባባት በኋላ ቢሆንስ? የልማት ሠራተኛው የመጣው የታመመ ጓሮ አይቶ ነው፤ ምክሩን የሰጠው እዚያ ነው። ጓሮው ጤነኛ የሆነ ሰው እሳት የሚያነድድበት ምክንያት የለውም። ጥናቱ በዚህ ከተሠራ የሚያጸዱት ቤቶች ብዙ በሽታ ያለባቸው ሆነው ይወጣሉ፤ ተማሪዋም ቢላዋ ማጽዳት በሽታ ያመጣል የሚመስል ሰንጠረዥ ይዛ ዲፌንስ ትገባለች።

አማካሪዋ ጠየቋት፦ «ከሦስቱ ከሚያጸዱት ውስጥ በሽታ የነበረባቸው ስንት ናቸው? መቼ ነው መለብለብ የጀመሩት?» ተማሪዋ ማስታወሻዋን አየች። ከሦስቱ ሁለቱ ጓሯቸው ታሟል፤ ሁለቱም «ከዚያ ወዲህ ነው» ብለዋታል። ማስታወሻው ውስጥ ነበር፤ ትርጉም ያለው ነገር መሆኑን ግን አላየችም። ጥያቄውን ገልብጣ ባትልክ ኖሮ አማካሪዋም ባላዩት ነበር። «ቢላዋ የማጽዳት ልማድን እጠይቃለሁ» ብላ ብትጽፍ ሁለቱም «ጥሩ» ተባብለው ያልፉ ነበር።

አማካሪዋ ሁለት ነገር ጨመሩ። የመጀመሪያው መልስ ሰጪውን የሚመለከት ነው። ቆጮ የሚፍቁት፣ ቢላዋውን የሚይዙት ሴቶች ናቸው፤ ተማሪዋ ያነጋገረችው ግን በአብዛኛው የቤቱን አባወራ ነው። እሱ «እንለበልባለን» ቢል ያየው ይሆናል እንጂ ያደረገው አይደለም። ሁለተኛው የተማሪዋን የራሷን እጅ ይመለከታል። በሽታ መኖሩን ለማረጋገጥ የቅጠሉን እግር ቆርጦ ፈሳሹን ማየት ያስፈልጋል፤ ድርቅም፣ ሥር የሚበላ ነፍሳትም እንሰትን ያጠወልጋሉና። ግን መረጃ ሰብሳቢ በአንድ ቢላዋ ከጓሮ ጓሮ እየቆረጠ ከዞረ ሊያጠና የሄደውን በሽታ እሱ ራሱ ያዛምታል። ስለዚህ በየቤቱ ቢላዋውን ማጽዳት፣ ከቤተሰቡም ፈቃድ መጠየቅ፣ ካልሆነም የቤቱን ቢላዋ ራሱን አጽድቶ መጠቀም በፕሮፖዛሉ ላይ መጻፍ አለበት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ይመስለኛል።

የአማካሪዋ መልስ እንግዲህ ይህን መሰለ፦

«ይህ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ዳሰሳ አይመለስም። ሰው በሽታ ካየ በኋላ ስለሚለወጥ የትኛው እንደቀደመ አታውቂም። ከዓመት ዓመት ጓሮ መከታተል ብትችይ ይሠራ ነበር፤ ጊዜ የለሽም። ዝርያም አልጠየቅሽም፤ ማዝያ የተሻለ እንደሚቋቋም የሚያመለክቱ ጥናቶች ስላሉ እሱም ንጽጽሩን ያደናግርብሻል። ግን በ20 ቤት ያገኘሽውን እንደገና እዪው። በሽታው ከገባ በኋላ ሰዎች ምን እንዳደረጉ መጠየቅ ትችያለሽ። እዚያ ላይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ በሽታው፣ ከዚያ ድርጊቱ።»

ተማሪዋ ለሁለት ቀን አሰበችና ሦስተኛውን ኢሜይል ጻፈች። አጭር ነው፤

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቢላዋውን ትቻለሁ። አዲሱ ጥያቄዬ ‹ካለፈው ጊፋታ ወዲህ አጠውልግ ከገባባቸው ቤቶች ምን ያህሉ የመጀመሪያውን የታመመ እንሰት ባዩ በአንድ ወር ውስጥ ነቅለው ቀበሩት? ያልቀበሩትስ ምን ከለከላቸው?› የሚል ነው። ከ20 ቤት 6ቱ ስለታመመባቸው 400 በር ባንኳኳ 120 ያህል አገኛለሁ። በር ላይ የምትጠየቀው አንዲት ጥያቄ ስለሆነች ሦስቱ መረጃ ሰብሳቢዎች በቀን 90 ቤት ይጨርሳሉ፤ ለዚህ 5 ቀን፣ ረጅሙን መጠይቅ ለመሙላት ሌላ 5 ቀን። ቀብረናል የሚሉትን ጉድጓዱን አሳዩኝ እላለሁ። የማነጋግረው በዋናነት የቤቱን እመቤት ነው። ከልማት ሠራተኛው የታመሙ ጓሮዎች ዝርዝር ወስጄ ከመጀመር በር ለበር መሄዱን መርጫለሁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ምክር የተሰጣቸው ብቻ ይሆናሉ ብዬ ነው። አንድ ወር የሚለው ይበቃል ወይስ ላሳጥረው? ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገኝ ውሳኔ የለም።»

እዚህ ላይ የተማሪዋ አስተሳሰብ መለወጡ ይታያል። ጉድጓዱን አሳዩኝ ማለቷ ሰው የተመከረውን አድርጌያለሁ የማለት ዝንባሌ እንዳለው ስለገባት ነው። በዝርዝር አልሄድም ማለቷም እንደዚያው። የልማት ሠራተኛው ዝርዝር ሥራ ያቀልላል፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ውስጥ የሚቀብሩት ቢበዙ ያ የገበሬው ልማድ መሆኑ ወይም የልማት ሠራተኛው ጉብኝት ውጤት መሆኑ አይለይም።

120 ቤት ትንሽ ነው የሚል አድማጭ ይኖራል። ለማወዳደሪያ ጥያቄ ትንሽ ነው። ድርሻን ለመገመት ግን 120 ቤት ወደ ላይና ወደ ታች የ9 ነጥብ ያህል ስህተት ይሰጣል፤ 40 ከመቶ ቀብረዋል ቢባል እውነቱ ከ31 እስከ 49 መካከል ሊሆን ይችላል። የመንደር መመሳሰል ሲታሰብ ትንሽ ይሰፋል። ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይህ በቂ ነው፤ አብዛኛው ሰው አይቀብርም ወይስ ይቀብራል የሚለውን ለመለየት ትክክለኛ አሃዝ አያስፈልግም። «ለምን አልቀበራችሁም» የሚለው ደግሞ ቁጥር የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ምክንያት የሚያስረዳ ነው። ትልቅ እንሰት ከነሥሩ ነቅሎ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ጉልበት ይጠይቃል፤ ባሏ የሞተባት ወይም ወንዶቹ ለሥራ የሄዱባት ሴት ብቻዋን አትችለውም። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰለ በእንሰት ላይ የሚሠራ ተቋምም የገበሬው ጉልበት የት ላይ እንደሚያጥር ማወቁ ይጠቅመዋል።

አማካሪዋ በማግስቱ መለሱ፦ «ይሠራል። አንድ ወሩ ይበቃል፤ ግን ጥያቄውን ‹በስንት ቀን ውስጥ› ብለሽ በቁጥር ውሰጂ፤ በኋላ ወር ያደረግሽውን ወደ ሁለት ሳምንት መቁረጥ ትችያለሽ፤ አስቀድመሽ ከቆረጥሽው ግን አይመለስም። ከርዕሱ ላይ ‹በወላይታ ዞን› የሚለውን አውጪ፤ ያየሽው የአንድ ወረዳ መንደሮችን ነው። እነዚያ 20 ቤቶች በጥናቱ ውስጥ አይገቡም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳታገኚ ነው ያነጋገርሻቸው፤ ጥያቄውን ለማረም ተጠቅመሽባቸዋል፣ ያበቃል። አሁን የወላይትኛውን መጠይቅ ወላይትኛ ለሚናገር ሌላ ሰው ስጪና ወደ አማርኛ መልሶ ይተርጉምልሽ፤ ከጻፍሽው ጋር የማይገጥም ቃል ካለ ለይተሽ ላኪልኝ።»